ሁለት ማይክ ለአንድ ጊታር

አኩስቲክ ጊታር በሁለት ማይክ የሚቀረጸው በአንድ ማይክ የማይገኝ ስፋት ስለሚሰጥ ነው። የጊታር ድምፅ ከአንድ ነጥብ አይወጣም። ከአንገቱ በኩል የክሩ ጥራትና የጣቱ ንክኪ ጎልቶ ይሰማል፤ ከብሪጁ በኩል ደግሞ የእንጨቱ ሙላት። አንዱ ማይክ አንዱን፣ ሌላው ሌላውን ይዞ በግራና በቀኝ ስፒከር ሲከፈቱ ጊታሩ አድማጩ ፊት ለፊት ያለ ይመስላል። ጣጣው የሚመጣው ሁለቱ ቅጂዎች የተደመሩ ዕለት ነው። ለየብቻቸው ሲደመጡ እንከን ያልነበራቸው ድምፆች ሲቀላቀሉ ቀጥነውና ባዶ ሆነው፣ አንዳንዴም ቤዛቸው ተሟጦ ይገኛሉ። በስቱዲዮ ቋንቋ ይህ የፌዝ መጠፋፋት ይባላል።

ድምፅ የአየር ግፊት ከፍና ዝቅ እያለ የሚጓዝበት ሞገድ ነው። አንዱ ማይክ ዘንድ ግፊቱ ከፍ ባለበት ቅጽበት ሌላው ማይክ ዘንድም ከፍ ካለ፣ ሁለቱ ሲደመሩ ድምፁ ይበረታል። አንዱ ጋ ከፍ ሲል ሌላው ጋ እኩል ዝቅ ካለ ግን ድምሩ ዜሮ ነው። ሁለቱም ማይኮች ትክክለኛ ድምፅ ይዘው ሳለ ውጤቱ ዝምታ ይሆናል ማለት ነው። ይህ መለያየት የሚፈጠረው ድምፁ ሁለቱ ማይኮች ዘንድ በተለያየ ሰዓት ስለሚደርስ ነው። ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ክፍል ውስጥ ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በአንድ ሚሊሰከንድ 34 ሴንቲ ሜትር መሆኑ ነው። ስለዚህ አንዱ ማይክ ከሌላው 34 ሴንቲ ሜትር ከራቀ የሚይዘው ድምፅ በአንድ ሚሊሰከንድ ይዘገያል።

አንድ ሚሊሰከንድን ጆሮ እንደ መዘግየት አይሰማውም። ጉዳቱ የሚታየው በድምፁ ቀለም ላይ ነው። የአንድ ሚሊሰከንድ መዘግየት በሰከንድ 500 ጊዜ ለሚርገበገብ ድምፅ ልክ የግማሽ ሞገድ ልዩነት ስለሆነ 500 ሄርዝ ይጠፋል። ለ1000 ሄርዝ ግን ያው መዘግየት ሙሉ ሞገድ ስለሆነ ድምፁ ይጠነክራል። 1500 እንደገና ይጠፋል፣ 2000 ይጠነክራል፤ እንዲህ እያለ እስከ ላይ ይቀጥላል። በግራፍ ሲሳል መስመሩ ጥርሶቹ እኩል የተራራቁ ማበጠሪያ ይመስላል። መዘግየቱ ባጠረ ቁጥር የመጀመሪያው ክፍተት ወደ ላይ፣ ወደ ቀጭኖቹ ድምፆች ይሸሻል፤ በረዘመ ቁጥር ደግሞ ወደ ቤዙ ይወርዳል። እዚህ ላይ ወሳኙ ማይኮቹ ከጊታሩ ያላቸው ርቀት ሳይሆን በሁለቱ ርቀቶች መካከል ያለው ልዩነት ነው። ሁለቱም አንድ ሜትር ቢርቁ ልዩነት ስለሌለ መዘግየትም የለም።

ነገሩ በተግባር እንዴት እንደሚያጠፋ ለማየት አንድ ጊታር ተጫዋች መካከለኛ ስፋት ባለው ክፍል ውስጥ ተቀምጧል እንበል። የመጀመሪያው ማይክ ከጊታሩ 25 ሴንቲ ሜትር ርቆ ቆሟል። ሁለተኛው የክፍሉን አየር እንዲይዝ ተብሎ ወደ ኋላ ተወስዶ ከጊታሩ 112 ሴንቲ ሜትር ተኩል ላይ ተቀምጧል። ልዩነታቸው 87 ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው፤ ይህም የሁለት ሚሊሰከንድ ተኩል መዘግየት ያህል ይሆናል። የዚህ ርቀት የመጀመሪያ ክፍተት 196 ሄርዝ ላይ ያርፋል። 196 ሄርዝ ደግሞ የጊታሩ ሦስተኛ ክር፣ ጂ፣ ሳይጫን ሲመታ የሚሰጠው ድምፅ ነው።

ክሩ ሲመታ መሠረቱ 196 ሄርዝ ይሁን እንጂ ከላዩ 392፣ 588፣ 784 እያሉ የሚሄዱ አጃቢ ድምፆች አብረውት አሉ። ከእነዚህ ውስጥ መሠረቱና 588 በክፍተቱ ውስጥ ይወድቃሉ፤ 392 እና 784 ደግሞ ይጠነክራሉ። ስለዚህ ጂ ጨርሶ አይጠፋም፤ ከሥሩ ተቆርጦ አንድ ኦክታቭ ወደ ላይ የወጣ ይመስላል። ተጫዋቹ ትዝታን ከጂ ተነስቶ እየተጫወተ ከሆነ ይህ ክፉ አጋጣሚ ነው። ቅኝቱ አምስት ድምፆች ብቻ ስላሉት መነሻው ደጋግሞ ይመጣል፣ በመጣ ቁጥርም ከጎረቤቶቹ ቀጥኖ ይሰማል። ይህን የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ክሩን ወይም የተጫዋቹን ጣት ነው። አንዳንዱ ደግሞ ኢኩዋላይዘር ከፍቶ 200 ሄርዝ አካባቢ መጨመር ይጀምራል። ይህ አይረዳም፤ በሁለቱም ትራኮች ላይ እኩል ቢጨመር የሚጠፋፋው መጠን ነው የሚያድገው።

በዚህ ምሳሌ ውስጥ ችግሩን ያባባሰ ሌላም ነገር አለ። ሩቁ ማይክ ከቅርቡ አራት እጥፍ ተኩል ስለሚርቅ በቀጥታ ከጊታሩ የሚደርሰው ድምፅ በተፈጥሮው 13 ዴሲቤል ያህል ዝቅ ያለ ነው። በዚያው ቢተው ኖሮ መጠፋፋቱ ብዙም አይጎዳም ነበር፤ ሁለት ድምፆች በ10 ዴሲቤል ሲበላለጡ ክፍተቱ 3 ዴሲቤል ያህል ብቻ ይጠልቃልና። የሚሆነው ግን ቀራጩ በሚክሰሩ ላይ የሩቁ ማይክ መብራት ዝቅ ብሎ ሲያየው ጌይኑን ከፍ አድርጎ ከቅርቡ ጋር ማስተካከሉ ነው። ሙሉ መጠፋፋት የሚመጣው ሁለቱ እኩል ሲሆኑ ስለሆነ ርቀቱ የሰጠውን መከላከያ በገዛ እጁ ያፈርሰዋል። የክፍሉን አየር ለመያዝ የቆመ ማይክ በመጨረሻው ሚክስ ውስጥም ከዋናው በግልጽ ዝቅ ማለት አለበት።

ይህ ችግር በቀረጻው ሰዓት የማይታወቀው ሁለቱ ማይኮች አብዛኛውን ጊዜ በሄድፎን፣ አንዱ በግራ ጆሮ አንዱ በቀኝ ጆሮ ስለሚደመጡ ነው። እንደዚያ ሲሆን ድምፆቹ አየር ላይም ሽቦ ላይም አይገናኙም፤ መዘግየቱ እንዲያውም ደስ የሚል ስፋት ይመስላል። ዘፈኑ አንድ ስፒከር ብቻ ባለው ስልክ ሲከፈት፣ ወይም የኤፍ ኤም ሞገድ ደክሞ ሬዲዮው ወደ ሞኖ ሲመለስ ግን ሁለቱ ትራኮች ይደመራሉ፣ ጊታሩም ከዘፋኙ ጀርባ ይሰወራል። ስለዚህ ምርመራው ቀላል ነው። ከመቅረጽ በፊት ሁለቱም ቻናሎች ወደ መሀል ተደርገው፣ ወይም የሞኖ ቁልፍ ተጭኖ መደመጥ አለባቸው። መጀመሪያ አንዱ ማይክ ለብቻው ይከፈታል፣ ከዚያ ሁለተኛው ይጨመርበታል። ሁለተኛው ሲጨመር ድምፁ መወፈር ይገባዋል። ከቀጠነ፣ በቱቦ ውስጥ ያለፈ ከመሰለ፣ ወይም ቤዙ ከሸሸ ቦታው ልክ አይደለም። ሚክሱ የሚሠራበት ፕሮግራም የኮሪሌሽን ሜትር ካለው እሱም ይረዳል፤ መርፌው በዜሮና በ+1 መካከል ከዋለ ደህና ነው፣ ከዜሮ በታች ወርዶ እዚያው ከቀረ ግን ሲደመር የሚጠፋ ብዙ ነገር አለ። ቢሆንም ለጊታር ከሜትር ይልቅ ጆሮ ይታመናል፤ ሜትሩ ጠቅላላውን እንጂ የጠፋው ጂ መሆኑን አይናገርም።

በፕሪአምፕ ወይም በፕሮግራሙ ላይ ያለው የ Ø ቁልፍ እዚህ ላይ ተደጋግሞ የሚነሳ መፍትሔ ነው። ብዙዎች የፌዝ ቁልፍ ይሉታል፤ የሚሠራው ሥራ ግን ፖላሪቲን መገልበጥ ነው፣ ከፍታውን ዝቅታ፣ ዝቅታውን ከፍታ ማድረግ። ሰዓትን አይነካም። ስለዚህ ችግሩ ከመገልበጥ የመጣ ከሆነ፣ ለምሳሌ የአንዱ ኬብል 2ኛና 3ኛ ፒን ተቀያይረው የተበየዱ ከሆነ፣ ቁልፉ ፍጹም መድኃኒት ነው። ኬብሉን ለመፈተን ሁለቱ ማይኮች ጎን ለጎን ተጠጋግተው አንድ ድምፅ ይሰጣቸዋል፤ ሲደመሩ ድምፁ ከጠፋ አንዱ ተገልብጧል ማለት ነው። ችግሩ ከርቀት ከመጣ ግን ቁልፉ ክፍተቱን ያዛውራል እንጂ አይደፍንም። ባለፈው ምሳሌ ቁልፉ ቢጫን 196 ሄርዝ ይመለሳል፤ በፈንታው 392 እና 784 ይጠፋሉ፣ ወፍራሙ የኢ ክርም ከቀድሞው ሁለት ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። አንዳንዴ ይህ የተሻለ ይሆናል። ቁልፉን በሁለቱም በኩል ሞክሮ ወፍራሙን መምረጥ ወጪ ስለሌለው ሁልጊዜ መደረግ ያለበት ነገር ነው፤ የማይክ ቦታ ፍለጋን ግን አይተካም።

ሌላው ተደጋግሞ የሚጠቀስ ደንብ የሦስት ለአንድ ደንብ ነው። በሁለቱ ማይኮች መካከል ያለው ርቀት እያንዳንዱ ከድምፁ ምንጭ ከራቀበት ቢያንስ ሦስት እጥፍ ይሁን ይላል። ደንቡ ትክክል ነው፣ የተሠራው ግን ለሁለት ምንጮች ነው፤ ለምሳሌ ጎን ለጎን ተቀምጠው ለሚጫወቱ ሁለት ሰዎች፣ ለእያንዳንዱ አንድ ማይክ ሲቆም። ያኔ የአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ማይክ ሲሾልክ ወደ 10 ዴሲቤል ገደማ ደክሞ ስለሚደርስ ጉዳቱ ያንሳል። ለአንድ ጊታር ሲወሰድ ትርጉሙን ያጣል። ማይኮቹ ከጊታሩ 30 ሴንቲ ሜትር ቢርቁ እርስ በርሳቸው 90 ሴንቲ ሜትር ይራራቁ ይላል፤ ጊታሩ ራሱ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ሜትር ያህል ስለሆነ አንዱ ማይክ የሚይዘው የመቃኛውን ብሎን ነው።

መጠፋፋትን ከሥሩ የሚያስቀረው አቀማመጥ ኤክስ ዋይ ይባላል። መሠረቱ የተጣለው እንግሊዛዊው መሐንዲስ አላን ብሉምላይን በ1931 ለስቴሪዮ ባስገባው የፈጠራ መብት ማመልከቻ ውስጥ ነው። ሐሳቡ አጭር ነው፤ ሁለቱ ማይኮች አንድ ቦታ ላይ ከሆኑ ድምፁ ለሁለቱም በአንድ ሰዓት ይደርሳል፣ ግራና ቀኙ የሚለየው በሰዓት ሳይሆን በጉልበት ብቻ ነው። ለጊታር ሁለት ተመሳሳይ ቀጫጭን ኮንደንሰር ማይኮች የአንዱ አፍ በሌላው አፍ ላይ እስኪደራረብ ተጠጋግተው 90 ዲግሪ ይከፈታሉ። ጥንዱ አንገቱ ከሆዱ ጋር በሚጋጠምበት ቦታ ትይዩ፣ ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ርቆ ይቆማል፤ አንዱ አፍ ወደ ፍሬቶቹ፣ ሌላው ወደ ብሪጁ ያያል። የድምፁ ቀዳዳ ፊት ለፊት እንዳይሆን ይጠበቃል፤ በትልልቅ ጊታሮች ላይ ከዚያ የሚወጣው አየር 100 ሄርዝ አካባቢ ስለሚያስተጋባ ድምፁ ያብጣል።

እዚህ ላይ የሚሠራው ስህተት ማይኮቹን ጎን ለጎን አድርጎ አፋቸውን ማራራቅ ነው። አፎቹ ከላይና ከታች ተደራርበው በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ መዋል አለባቸው። ከአንዱ አፍ እስከ ሌላው ያለው አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ቢያስቸግር እንኳ የሚያስቸግረው ከ10,000 ሄርዝ በላይ ነው። የኤክስ ዋይ ዋጋው ስፋት ነው። ምስሉ ጠበብ ይላል፣ ጊታሩም ከግራ እስከ ቀኝ አይዘረጋም። ጊታሩ ዘፋኝ የሚያጅብ ከሆነ ይህ እንደ ጉድለት አይቆጠርም፤ ለዘፋኙ ቦታ ይተውለታል። ከዚሁ ወገን ኤም ኤስ የሚባለው አለ፤ አንድ ማይክ ወደ ጊታሩ፣ በሁለት ጎኑ የሚሰማ ሌላ ማይክ ወደ ግራና ቀኝ ይዞራል። በሞኖ ሲደመር የጎኑ ማይክ ራሱን በራሱ አጥፍቶ የመሀሉ ብቻ ይቀራል፤ ሞኖን ለሚፈሩ ከሁሉ የሚታመነው እሱ ነው።

ስፋቱን የሚፈልግ ግን ማይኮቹን ማራራቁ አይቀርም፤ ጥንቃቄ የሚያሻውም ያኔ ነው። አንደኛው ማይክ ከ12ኛው ፍሬት ፊት ለፊት፣ ሁለተኛው ከብሪጁ ፊት ለፊት ይቆማል፣ ሁለቱም 30 ሴንቲ ሜትር ርቀው። በተለመደ ጊታር ላይ 12ኛው ፍሬት ከብሪጁ 32 ሴንቲ ሜትር ያህል ይርቃል፤ የድምፁ ቀዳዳ ደግሞ በሁለቱ መካከል፣ ከመሀል ትንሽ ወደ ብሪጁ ጠጋ ብሎ ይገኛል። ይህ አጋጣሚ ጠቃሚ ነው። ከቀዳዳው የሚነሳው ቤዝ ለሁለቱም ማይኮች የሚጓዘው መንገድ በአንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሚለያይ አብሮ ይደርሳል። ከብሪጁ የሚነሳው ድምፅ ግን ለቅርቡ ማይክ 30፣ ለሩቁ 44 ሴንቲ ሜትር ይጓዛል። የ14 ሴንቲ ሜትሩ ልዩነት የመጀመሪያ ክፍተቱን 1200 ሄርዝ አካባቢ ያሳርፈዋል። የጊታሩ የክሮች መሠረታዊ ድምፆች ሳይጫኑ ከ82 እስከ 330 ሄርዝ ባለው ክልል ውስጥ ስለሆኑ ክፍተቱ አይደርስባቸውም። ላይኛው ክፍል ላይ የሚቀረው መጠነኛ መዛባት ደግሞ ከተለያየ የእንጨቱ ክፍል የሚወጣ የተለያየ ድምፅ ስለሆነ ሙሉ በሙሉ አይጠፋፋም፤ ስፋት የሚባለውም በከፊል እሱ ነው።

ርቀቱን ለማስተካከል ሜትር አያስፈልግም፤ አንድ ክር ይበቃል። የክሩ ጫፍ ከቀዳዳው ጠርዝ ላይ ተይዞ እስከ አንደኛው ማይክ አፍ ይወጠርና ጣት በደረሰበት ይያዛል። ያው ርዝመት ወደ ሁለተኛው ማይክ ዞሮ ማይኩ እዚያው ላይ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ማስተካከያው በጆሮ ነው። ሁለቱ ቻናሎች እኩል ጉልበት ይሰጣቸውና ሞኖ ይደረጋሉ፣ የአንዱ የ Ø ቁልፍም ሆን ተብሎ ይጫናል። ተጫዋቹ በአውራ ጣቱ ወፍራሞቹን ክሮች ደጋግሞ ይመታል። ረዳቱ ጆሮውን አጥብቆ የሚዘጋ ሄድፎን አድርጎ ሁለተኛውን ማይክ በጣት ስፋት ወደፊትና ወደኋላ ያንቀሳቅሳል። የሚፈልገው ድምፁ ከሁሉ በላይ ቀጥኖና ተሟጦ የሚሰማበትን ቦታ ነው። ያ ሲገኝ ስታንዱ ይጠብቅና ቁልፉ ይለቀቃል፤ በተገለበጠ ጊዜ ከሁሉ የጠፋው ሲመለስ ከሁሉ የሞላው ይሆናል። በቀጥታ የሞላውን ቦታ ከመፈለግ ይህ የሚቀለው ጆሮ ትንሽ የጨመረውን ድምፅ ከመለየት ይልቅ የጠፋውን ለመለየት ስለሚፈጥን ነው።

ይህ ሁሉ የሚጸናው ተጫዋቹ ባለበት ከቆየ ነው። ጊታሩ ሲዞር አንዱ ማይክ 5 ሴንቲ ሜትር ቀርቦ ሌላው 5 ሴንቲ ሜትር ቢርቅ ልዩነቱ 10 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ዘፈኑ እየሄደ ክፍተቱ ከአንድ ድምፅ ወደ ሌላው ይንሸራተታል። ሲደመጥ ነፋስ በድምፁ መሀል የሚያልፍ ይመስላል፤ ይህን ደግሞ በኋላ ማረም አይቻልም። ስለዚህ የሚሽከረከር ወንበር አይፈቀድም፣ የወንበሩና የእግሩ ቦታም መሬቱ ላይ በፕላስተር ይመለከታል። መወዛወዙ የጨዋታው አካል የሆነ ተጫዋች ሲገጥም ከማስጨነቅ ወደ ኤክስ ዋይ መመለስ ይሻላል።

ተቀርጾ ካለቀ በኋላ የተገኘ መዘግየት በፕሮግራሙ ውስጥ በከፊል ይታረማል። በ48,000 የሚቀረጽ ድምፅ በአንድ ሚሊሰከንድ ውስጥ 48 ሳምፕል ስላለው አንዷ ሳምፕል ሰባት ሚሊ ሜትር ያህል ርቀት ናት። በመጀመሪያው ምሳሌ የሩቁ ማይክ ትራክ 122 ሳምፕል ወደፊት ቢሳብ ከቅርቡ ጋር ይገጥማል። ልዩነቱን ከክር ድምፅ ላይ ማንበብ አስቸጋሪ ስለሆነ ተጫዋቹ ከመጀመሩ በፊት ብሪጁ አጠገብ ያለውን እንጨት በጣቱ አንድ ጊዜ ኳ እንዲያደርግ ይነገረዋል። ያ ምት በሁለቱም ትራኮች ላይ ስለታም ሆኖ ስለሚታይ በመካከላቸው ያለውን ሳምፕል መቁጠር ቀላል ነው። ትራኩ ከተሳበ በኋላ በሞኖ ደግሞ ይደመጣል፤ በዓይን የገጠመው ሁሉ በጆሮ አይገጥምምና። ማረሚያው የሚሠራው ከዚያ ከተመታው ቦታ በቀጥታ ለሚመጣው ድምፅ ነው። ከግድግዳና ከጣሪያ ተመልሶ ወደ ሩቁ ማይክ የገባው ድምፅ የራሱ ሌላ መዘግየት ስላለው አብሮ አይስተካከልም። በዚያ ላይ ሩቁ ማይክ የቆመው የርቀት ስሜት እንዲሰጥ ነበር፤ ወደፊት ሲሳብ ያ ስሜት ይሳሳል። አንዳንድ ቀራጮች በዚህ ምክንያት መዘግየቱን እንዳለ ትተው ከሩቁ ትራክ ላይ ከ250 ሄርዝ በታች ያለውን ይቆርጣሉ። ቤዙን ቅርቡ ማይክ ብቻውን ይሸከማል፣ የሚጠፋፋው ነገር ሲወገድ ጂም ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ከሩቁ የሚቀረው የክፍሉ አየር ነው።